የአክሲዮን ገበያ ሥራና የአክሲዮን ዋጋ መውጣትና መውረድ

አንድ ነጋዴ ገንዘቡን በአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ባስገባ ጊዜ ሁለት የማይስማሙ ፍላጎቶች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ነጋዴው ልጁን የሚድርበት፣ ዕዳውን የሚከፍልበት ወይም ሌላ ሸቀጥ የሚያስመጣበት ቀን ሲደርስ ገንዘቡን መልሶ በእጁ ለማድረግ ይሻል። ማኅበሩ በበኩሉ ገንዘቡን በሕንፃ፣ በመኪናና በጥሬ ዕቃ ላይ አውሎታልና ለአንድ ባለአክሲዮን ሲል ግድግዳውን አፍርሶ ወይም መኪናውን ነቅሎ ሊመልስለት አይችልም። አንደኛው ገንዘቡ እንዲፈታለት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ታስሮ እንዲቆይለት ይፈልጋል። የአክሲዮን ገበያ ማለት እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ የተገኘ ዘዴ ነው።

ይህ ዘዴ እንዴት እንደ ተገኘና እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት፣ ነገሩ ወደ ተጀመረበት ወደ አምስተርዳም ከተማ መመለስ ይጠቅማል። ከዚህ በታች ስለ ሆላንድ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአምስተርዳም የተከፈተው መዝገብ

በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የሆላንድ ነጋዴዎች ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድና ገውዝ ለማምጣት ወደ ሩቅ ምሥራቅ መርከብ መላክ ጀምረው ነበር። በዚያን ጊዜ ማኅበር የሚቋቋመው ለአንድ ጉዞ ብቻ ነበር። ነጋዴዎቹ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ መርከብ ይገዛል፤ መርከቡ ሲመለስ ሸቀጡ ይሸጣል፤ ሒሳቡ ተዘግቶ ዋናውም ትርፉም ይከፋፈላል። ነገር ግን ማኅበሮቹ እየበዙ ስለ ሄዱ፣ በምሥራቅ አገር እርስ በርሳቸው እየተሻሙ የግዢውን ዋጋ አስወደዱት፤ በአውሮጳ ደግሞ ሸቀጡን በአንድ ጊዜ እያጎረፉ የሽያጩን ዋጋ አረከሱት። ከዚህም በቀር ምሽግ ለመሥራትና ከፖርቱጋሎች ጋር ለመዋጋት የአንድ ጉዞ ገንዘብ የሚበቃ አልሆነም።

ስለዚህ የሆላንድ መንግሥት መጋቢት 20 ቀን 1602 ማኅበሮቹን ሁሉ አንድ አድርጎ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የተባለውን አቋቋመ፤ ለ21 ዓመትም ከመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር በስተምሥራቅ ያለውን ንግድ ለብቻው እንዲይዝ ፈቀደለት። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በአምስተርዳም በአንደኛው ዲሬክተር ቤት የመዋጮ መዝገብ ተከፈተ። ማንም ሰው የፈቀደውን ያህል ገንዘብ ሊያስመዘግብ ይችል ነበር። በወሩ መጨረሻ መዝገቡ ሲዘጋ በአምስተርዳም ብቻ 1,143 ሰዎች 3,679,915 ጊልደር ተመዝግበው ተገኙ። የሌሎቹ ከተሞች ሲጨመር ጠቅላላው ወደ 6.4 ሚሊዮን ጊልደር ደረሰ። ከተመዘገቡት መካከል ኢሳቅ ለ ሜር የተባለው ታላቅ ነጋዴ ወደ 85,000 ጊልደር ያህል ሲያዋጣ፣ የዚያው ዲሬክተር የቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት ደግሞ 100 ጊልደር አስመዝግባለች።

ያ ገንዘብ እንደ ቀድሞው ከአንድ ጉዞ በኋላ የሚመለስ አልነበረም። በውሉ መሠረት አጠቃላይ ሒሳብ የሚደረገውና ገንዘቡን ለማውጣት የሚፈቀደው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ ሰዎች ገንዘባቸውን ለዚህን ያህል ዘመን አሳስረው ለማዋጣት እንዴት ደፈሩ? ከምክንያቶቹ አንዱ በዚያው መዝገብ መጀመሪያ ገጽ ላይ የሰፈረ አጭር ቃል ነበር። ይኸውም ባለአክሲዮን የሆነ ሰው ድርሻውን በመዝገብ ያዡ አማካይነት ለሌላ ሰው ሊያዛውር ይችላል የሚል ነው።

ገንዘቡ ወደ ማን ይሄዳል?

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሻጩና ገዢው በዋጋ ከተስማሙ በኋላ ወደ ኩባንያው ቤት ይሄዳሉ። መዝገብ ያዡ ሻጩ በስሙ አክሲዮን ያለው መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከሻጩ ሒሳብ ቀንሶ ወደ ገዢው ሒሳብ ይጽፋል፤ ሁለት ዲሬክተሮችም ይፈርሙበታል። ገዢው ገንዘቡን የሚሰጠው ለሻጩ ነው። ኩባንያው ከዚህ ሽያጭ አንዲት ሳንቲም አያገኝም፤ አንዲት ሳንቲምም አይጎድልበትም። መርከቦቹ ከጉዟቸው አይመለሱም፤ የተለወጠው የባለቤቱ ስም ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ማኅበር አክሲዮን አውጥቶ ለሕዝብ ሲሸጥ ገንዘብ የሚያገኘው አንድ ጊዜ፣ ያውም በመጀመሪያው ሽያጭ ነው። ከዚያ በኋላ በገበያው የሚደረገው ግዢና ሽያጭ በባለአክሲዮኖች መካከል የሚደረግ የእጅ ዝውውር ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ገበያ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያው ሽያጭ እጅግ በከበደ ነበር። የሚወጣበት በር የሌለው ቤት ውስጥ በፈቃዱ የሚገባ ሰው ጥቂት ነውና።

አሥሩ ዓመት አልፎ 1612 ሲደርስ ኩባንያው ቃል የገባውን አጠቃላይ ሒሳብ አላደረገም፤ የአክሲዮኑንም ገንዘብ አልመለሰም። መውጣት የሚሻ ባለአክሲዮን ድርሻውን በገበያ መሸጥ ነበረበት። ኩባንያው እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ሲኖር የመጀመሪያው የ1602 ገንዘብ ከእጁ አልወጣም። ባለቤቶቹ ግን በየትውልዱ ይለዋወጡ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የአክሲዮኑ ዋጋ በገበያ ላይ ቢወጣ ወይም ቢወርድ ለማኅበሩ ምን ቸገረው? የሚቸግረው ተጨማሪ ገንዘብ ለማግኘት አዲስ አክሲዮን ለማውጣት የፈለገ ቀን ነው። ለምሳሌ 50,000 አክሲዮኖች ያሉት አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሁለተኛ ወፍጮ ለመትከል 20 ሚሊዮን ብር አስፈለገው እንበል። የአንዱ አክሲዮን የገበያ ዋጋ 2,000 ብር ከሆነ 10,000 አዲስ አክሲዮን መሸጥ ይበቃዋል። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ከ60,000 አክሲዮን ውስጥ 50,000ውን ይዘው ይቀራሉ፤ ይኸውም ከመቶ 83 ያህሉ ማለት ነው። ዋጋው ወደ 1,000 ብር ወርዶ ከሆነ ግን ያንኑ 20 ሚሊዮን ብር ለማግኘት 20,000 አክሲዮን መሸጥ ይኖርበታል፤ የቀድሞዎቹም ድርሻ ከመቶ ወደ 71 ይወርዳል። የሚተከለው ወፍጮ ያው አንድ ወፍጮ ነው፤ ነገር ግን ከትርፉ ለእንግዶቹ የሚሰጠው ድርሻ በእጅጉ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ዋጋው በወረደበት ጊዜ ብዙ ማኅበሮች አዲስ አክሲዮን ከማውጣት ይልቅ ሥራቸውን ማቆየት ወይም ከባንክ መበደር ይመርጣሉ።

የዋጋው ምንጭ

በአክሲዮን ወረቀት ላይ የተጻፈው ዋጋ፣ ማኅበሩ ሲቋቋም የተዋጣውን የሚያስታውስ ቁጥር ነው። የገበያው ዋጋ ግን ወደ ፊት ይመለከታል፤ ገዢው የሚገዛው ወደ ፊት የሚመጣውን የትርፍ ድርሻ ነውና። 1,000 ብር የተጻፈበት አንድ አክሲዮን በየዓመቱ 150 ብር ያስገኛል ተብሎ ቢታሰብና ገዢው በገንዘቡ ላይ ከመቶ 10 ማግኘት የሚበቃው ቢሆን፣ እስከ 1,500 ብር ድረስ ሊከፍል ይችላል። የ1,500 ብር ከመቶ 10 በትክክል 150 ብር ነውና።

አሁን ሁለት ነገሮች ይለወጡ። ማኅበሩ የሚያስገኘው የትርፍ ድርሻ ወደ 120 ብር እንደሚወርድ ከተሰማ፣ ያው ገዢ ከ1,200 ብር በላይ አይሰጥም። በሌላ በኩል የማኅበሩ ትርፍ እንዳለ ሆኖ፣ ባንክ ወይም የመንግሥት የብድር ሰነድ ከፍ ያለ ወለድ መስጠት ቢጀምር፣ ገዢው ከመቶ 10 ይልቅ ከመቶ 15 ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ 150 ብር የሚያስገኘው አክሲዮን 1,000 ብር ብቻ ያወጣል። በሁለተኛው ሁኔታ ፋብሪካው ምንም አልጎደለበትም፤ ሠራተኛውም ወፍጮውም በቦታው ነው፤ ሆኖም የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ሦስተኛ ወርዷል። በእርግጥ የማኅበር ትርፍ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይምና ይህ ስሌት መንገዱን ለማሳየት እንጂ ትክክለኛውን ዋጋ ለመወሰን አይበቃም። ሰው ሁሉ ስለ ነገ የሚያስበው ግምት ስለሚለያይ ነው አንዱ በሚሸጥበት ዋጋ ሌላው ሊገዛ የሚችለው።

ይህን በ1688 ስለ አምስተርዳም ገበያ መጽሐፍ የጻፈው ዮሴፍ ደ ላ ቬጋ በሚገባ ተረድቶት ነበር። እርሱ እንደ ዘረዘረው የአክሲዮን ዋጋ የሚንቀሳቀስባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። እነርሱም በሕንድ አገር ያለው የንግዱ ሁኔታ፣ በአውሮጳ ያለው የሰላምና የጦርነት ሁኔታ፣ እንዲሁም በገበያው ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚያስቡት አስተሳሰብ ናቸው። በዛሬ አነጋገር አንደኛው የማኅበሩ ሥራ፣ ሁለተኛው የአገሩ ሁኔታ፣ ሦስተኛው የገበያው ስሜት ይባላል። በ1672 ፈረንሳይና እንግሊዝ በሆላንድ ላይ ጦርነት ባወጁ ጊዜ የኩባንያው አክሲዮን በአንድ ዓመት ውስጥ ከእኩሌታው በላይ ወደቀ። በምሥራቅ የነበሩት መጋዘኖች ግን በዚያ ዓመት በእኩሌታ አልጎደሉም። የጎደለው አገሪቱ ነገ መኖሯን የማመን ድፍረት ነበር።

ዋጋው በገበያው ወለል ላይ እንዴት ይጻፋል?

የአክሲዮን ዋጋ በሊቀመንበር አይወሰንም፤ በመጨረሻ የተገናኙት ገዢና ሻጭ የተስማሙበት ቁጥር ነው። ይህን በምሳሌ መመልከት ይገባል። በአንድ ቀን ጠዋት በገበያው የአንድ ማኅበር አክሲዮን እንደሚከተለው ቀርቧል እንበል። ሻጮች 50 አክሲዮን በ1,500 ብር፣ 100 አክሲዮን በ1,520 ብር፣ 40 አክሲዮን በ1,560 ብር ለመሸጥ አዘዋል። ገዢዎች ደግሞ 60 አክሲዮን በ1,480 ብር፣ 100 አክሲዮን በ1,450 ብር ለመግዛት አዘዋል። ርካሹ ሻጭ ከውዱ ገዢ 20 ብር ስለሚርቅ ለጊዜው ማንም አይገናኝም።

በዚህ መካከል አንድ ሰው 150 አክሲዮን ዛሬውኑ መግዛት አለብኝ ብሎ ይመጣል። መጀመሪያ 50ውን በ1,500፣ ቀጥሎ 100ውን በ1,520 ይወስዳል። በጠቅላላው 227,000 ብር ይከፍላል፤ የመጨረሻው ዋጋም 1,520 ብር ተብሎ ይጻፋል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ገዢ 1,560 ብር ይጠብቀዋል። ይህ ሰው ገዢ መሆኑ ቀርቶ ገንዘብ ቸግሮት 160 አክሲዮን ዛሬውኑ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ፣ 60ውን በ1,480፣ 100ውን በ1,450 ሰጥቶ 233,800 ብር ይቀበል ነበር፤ የመጨረሻውም ዋጋ 1,450 ብር ይሆን ነበር።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው፣ ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው የሚቸኩለው ወገን መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ገዢ አንድ ሻጭ አለና ገዢዎች ከሻጮች በለጡ ማለት ትክክል አይደለም፤ ገዢዎቹ ይበልጥ ቸኮሉ ማለት ግን ትክክል ነው። ሁለተኛው፣ ማኅበሩ 100,000 አክሲዮን ያለው ቢሆንና ዋጋው ከ1,500 ወደ 1,450 ብር ቢወርድ፣ የማኅበሩ የገበያ ግምት ከ150 ሚሊዮን ወደ 145 ሚሊዮን ብር ወረደ ተብሎ ይነገራል። አምስት ሚሊዮን ብር ጠፋ የሚል ወሬ ይነዛል። እጅ የለወጠው ግን 160 አክሲዮን ብቻ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ዋጋው ስንት ደረሰ ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ በዚያ ዋጋ ስንት አክሲዮን ተሸጠ፣ በገዢውና በሻጩ መካከልስ ያለው ርቀት ምን ያህል ነው ብሎ ይጠይቃል። ሽያጩ ጥቂት፣ ርቀቱ ሰፊ በሆነበት ገበያ ላይ የተጻፈው ዋጋ፣ ብዙ አክሲዮን ያለው ሰው ለመሸጥ ሲመጣ የሚያገኘው ዋጋ አይደለም።

የገበያው ደዌ

ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ኢሳቅ ለ ሜር ከኩባንያው ጋር ተጣልቶ በ1605 ከዲሬክተርነቱ ወጣ። በ1609 ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር በስውር ተማክሮ ወደ ፊት በተወሰነ ቀን የሚረከብ አክሲዮን መሸጥ ጀመረ። ከሸጡት ውስጥ ብዙው በእጃቸው የሌለ ነበር። ዓላማቸው ዋጋው ሲወድቅ በርካሽ ገዝተው በማስረከብ ልዩነቱን ማትረፍ ነው። ዲሬክተሮቹ፣ እነዚህ ሰዎች ክፉ ወሬ እየነዙ ባልቴቶችንና የሙት ልጆችን ይጎዳሉ ሲሉ ለመንግሥት አቤት አሉ። ሌላው ወገን ደግሞ፣ ዋጋው የወደቀው ኩባንያው ራሱ በደንብ ባለመመራቱ ነው ሲል መለሰ። መንግሥት የካቲት 27 ቀን 1610 ሻጩ በመዝገብ በስሙ የሌለውን አክሲዮን እንዳይሸጥ ከለከለ። በዚያው ዓመት ኩባንያው የመጀመሪያውን የትርፍ ድርሻ ከፈለ። የእነ ለ ሜርም ግምት ሳይሳካ ቀርቶ ገንዘባቸው ከሰረ።

የትርፍ ድርሻው አከፋፈል ራሱ ትምህርት የሚሰጥ ነው። የተከፈለው በገንዘብ ሳይሆን የገውዝን ፍሬ በሚሸፍነው ቀይ ልባስ ሲሆን፣ ኩባንያው በራሱ ተመን ከመቶ 75 አድርጎ ቆጠረው። ቁጥሩ ታላቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በመቶ የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ያንኑ ቅመም በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ካወጡት ዋጋው እንደሚረክስ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ብዙዎቹም በዚህ ምክንያት ለመቀበል ፈቃደኞች አልሆኑም። በ1622 ደግሞ ዲሬክተሮቹ ሒሳቡን ለባለአክሲዮኖች አያሳዩም የሚል ክስ በየጽሑፉ ታተመ።

የለ ሜርም የዲሬክተሮቹም ጥፋት ከአንድ ሥር የበቀለ ነው። ባለአክሲዮኑ የማኅበሩን እውነተኛ ሒሳብ የማያውቅ ከሆነ፣ ወሬ በሒሳብ ፈንታ ይተካል፤ በወሬ የሚነዳ ዋጋም የሚያውቀውን ጥቂት ሰው ሲያበለጽግ የማያውቀውን ብዙ ሰው ያደኸያል። ዛሬ የአክሲዮን ገበያ ያላቸው አገሮች፣ ማኅበሮች በገለልተኛ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ በየጊዜው እንዲያወጡ፣ ዋጋ የሚለውጥ ነገር ሲደርስ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲያስታውቁ፣ የማኅበሩ ሹማምንትም ምሥጢሩን ይዘው እንዳይነግዱ የሚያስገድዱት በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያም ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1965 በብሔራዊ ባንክ ሥር በአዲስ አበባ የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ተቋቁሞ የኩባንያዎች አክሲዮን ይሸጥበትና ይገዛበት ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ታላላቆቹ ኩባንያዎች በመንግሥት ሲወረሱ የሚሸጥ አክሲዮን ጠፋና ገበያው ተዘጋ። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንኮች እንዲቋቋሙ ከተፈቀደ በኋላ እጅግ ብዙ ሰው ባለአክሲዮን ቢሆንም፣ ገንዘብ ሲቸግረው ገዢውን ራሱ በየወዳጅ ዘመዱ መፈለግ ነበረበት። በዚያ ሁኔታ የተሸጠ አክሲዮን ዋጋው በይፋ ስለማይታወቅ፣ ሻጩ መጎዳቱን ወይም መጠቀሙን የሚለካበት ሚዛን አልነበረውም።

በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ። አክሲዮኑን በመጀመሪያ ያስመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። የተመዘገቡት ማኅበሮች ጥቂት በሆኑበትና ብዙው ባለአክሲዮን ወረቀቱን በሣጥን ቆልፎ በሚያስቀምጥበት ጊዜ፣ ከላይ በምሳሌው እንደ ታየው ጥቂት አክሲዮን ዋጋውን ብዙ ሊያወዛውዘው ይችላል። ይህ የጀማሪ ገበያ ሁሉ ጠባይ ነው።

እንግዲህ አክሲዮን የሚገዛ ነጋዴ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። የምከፍለው ገንዘብ ለማኅበሩ ሥራ የሚገባ ነው ወይስ ለሌላ ባለአክሲዮን የሚሰጥ? የተመረመረው ሒሳብ የሚያሳየው ትርፍ የምጠየቀውን ዋጋ ይሸከማል? መሸጥ ባስፈለገኝ ቀንስ በዚህ ዋጋ አካባቢ ስንት ገዢ አለ? የእነዚህን መልስ ሳያገኝ የገባ ሰው፣ በ1602 መቶ ጊልደሯን ካስመዘገበችው የቤት ሠራተኛ ይልቅ የሚያውቀው ነገር ብዙ አይደለም። እርሷ ግን ቢያንስ መዝገቡ ላይ ማዛወር እንደሚቻል ተጽፎ አይታ ነበር።